ሁለት መቶ አሥራ አራት ልዩነት

ለሕግ ባለሙያ ከስድብ ሁሉ የሚከፋው «ማኅተምሽን ብቻ ምቺ» የሚለው ነው። ሚስጥር ጎንደር ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ሦስት ዓመት ስትሠራ ይህን ብዙ ጊዜ ሰምታለች፤ በዚያ ረቡዕ ጠዋት ግን ገና ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ተቀበላት። የተናገረው ሥራ አስኪያጁ ጌትነት ነው። ጠረጴዛው ላይ አዲስ የታተመ ውል ተቀምጧል፤ ከጠረጴዛው ማዶ ደግሞ አንድ ሰው ሻዩን ያማስላል።

ሰውየው እስጢፋኖስ ይባላል፤ አዘዞ ላይ የተከፈተው የድንች ማቀነባበሪያ ጠበቃ ነው። ድርጅቱ ከኮሶዬ ገበሬዎች ማኅበር ድንች የሚረከብበት የሦስት ዓመት ውል ሊያልቅ ሳምንት ቀርቶታል፤ ይህ አዲሱ ነው። የኮሶዬ ማኅበር በዩኒየኑ ሥር ስለሆነ ዩኒየኑ በጽሑፍ አስተያየት ሳይሰጥ ውሉ አይፈረምም። አስተያየቱን የምትጽፈው ሚስጥር ናት፤ ጥፋት ቢገኝበት አንገቷን የምትይዘውም እሷው ናት።

«ያው የድሮው ውል ነው፤ በንጹሕ ተጻፈ እንጂ» አለ እስጢፋኖስ። «የግዕዙን ቁጥር አወጣን፣ ፊደሉን ለወጥን፣ ዝርዝሮቹን በፊደል ተራ ደረደርን። እንዳትደክሚ ብለን ልዩነቱን አንድም ሳናስቀር በሰንጠረዥ አውጥተንልሻል።»

ሰንጠረዡ አሥራ ዘጠኝ ገጽ ነው። ሁለት መቶ አሥራ አራት ልዩነት ተቆጥሮበታል። ተራ ቁጥር አንድ፣ የርእሱ ፊደል ወፈረ። ተራ ቁጥር ሁለት፣ በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፋ። ተራ ቁጥር ሦስት፣ ሁለት ነጥብ በባዶ ቦታ ተተካ። እንዲህ እያለ ይሄዳል። መጨረሻው ላይ «የይዘት ለውጥ የለም» ተብሎ ከሥሩ ተሰምሮበታል።

የዋህ ሰው ይህን ቢያይ «እንዴት ያለ ግልጽ ድርጅት ነው!» ይል ነበር። ሚስጥር ግን የዋህነቷን ፍርድ ቤት ደጅ ላይ ጥላው ከመጣች ቆይታለች። ጠጠር ያለበትን እህል የሚሸጥ ሰው ሁልጊዜም አብዝቶ ነው የሚዘረግፈው።

«የሚፈረመው ነገ አራት ሰዓት ነው፣ እዚያው በፋብሪካው አዳራሽ» አለ ጌትነት። «አስተያየትሽ ሦስት መስመር ነው። የይዘት ለውጥ የለም በይና ጨርሺ።»

«ስንት መስመር እንደሆነ ካነበብኩት በኋላ እነግርሃለሁ።»

«ሚስጥር፣ ሰውን አታስቸግሪ!»

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለ እስጢፋኖስ፣ ሻዩን ፉት እያለ። «ይልቅ የራሳችሁ ቅጂ የት እንዳለ ታውቂያለሽ ወይ?»

የምትሰጠው መልስ ቢሮ ውስጥ የሚባል አልነበረም። ውሉንና ሰንጠረዡን አንስታ ወጣች፤ በሩንም ሰው እንዲሰማው አድርጋ ዘጋችው።

የዩኒየኑ ቅጂ የት እንዳለ ታውቃለች። ፋይል ክፍል ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ እሱም ፎቶ ኮፒ ነው። ዋናው ውል ሁለት ብቻ ነበር፦ አንዱ ከድርጅቱ፣ አንዱ ከኮሶዬ ማኅበር። ሚስጥር በተቀጠረችበት ሳምንት ዩኒየኑ ማኅበሩ ካመጣው ላይ ኮፒ አስነሥቶ አስቀረ። ኮፒውን ያነሣችው ራሷ ነበረች፤ አዲስ ሠራተኛ የሚታዘዘው ይህንን ነውና።

ሁለቱን ውሎች ጎን ለጎን ዘርግታ ሥራ ጀመረች። ደንቧ ቀላል ነው። ልዩነት ባገኘች ቁጥር አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፦ በዚህ ምክንያት ትናንት ያልነበረበት ግዴታ ዛሬ የሚወድቅበት ሰው አለ? ትናንት የነበረው መብት ዛሬ የሚቀርበትስ? የለም ከሆነ ቅርጽ ነው፤ ትሰርዘዋለች። አለ ከሆነ ይዘት ነው፤ ባዶ ወረቀት ላይ ታሰፍረዋለች። ፊደል ወፈረ፣ መስመር ሰፋ፣ ቁጥሩ ከግዕዝ ወደ ተለመደው ዞረ፤ ይህ ሁሉ ለማንም ድንች አይጨምርም፣ ከማንም ድንች አይቀንስም። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ከሁለት መቶ በላይ ሰረዘች።

የመጀመሪያው ጠጠር ትርጓሜው ውስጥ ተገኘ። ሰንጠረዡ «ትርጓሜዎች በፊደል ተራ ተደረደሩ» ይላል፤ እውነት ነው፣ ተደርድረዋል። ግን በድሮው ውል ርክክብ ማለት ድንቹ ኮሶዬ መጋዘን ተመዝኖ ናሙና የተወሰደበት ጊዜ ነው። በአዲሱ ደግሞ ድንቹ አዘዞ ከፋብሪካው መቀበያ የደረሰበት ጊዜ ሆኗል። ቦታ ሲቀይር ልብስም ቀይሯል። ከዚያ ስለ ጉዳት የሚናገረውን አንቀጽ አየችው። «ከርክክብ በፊት ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊው አምራቹ ነው» ይላል፤ በሁለቱም ውል ቃሉ ያው ነው። አንዲት ቃል ሳትነካ በመንገድ የሚቀጠቀጠውና ዝናብ የሚያበሰብሰው ድንች ሁሉ በገበሬው ትከሻ ላይ ወድቋል።

«ውሾች!» አለች፣ ብቻዋን።

ሁለተኛው የባሰ ነበር። አዲሱ ውል አንቀጽ ሦስትንና አራትን አንድ ላይ ስላዋሐደ፣ ከዚያ በታች ያሉት ቁጥሮች በሙሉ አንድ ደረጃ ወርደዋል። ውል ስለማፍረስ የሚናገረው አንቀጽ ግን እንደ ድሮው «አምራቹ አንቀጽ 11ን ከጣሰ ድርጅቱ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ያፈርሳል» ብሎ ቆሟል። የድሮው አሥራ አንድ የተሰጠውን ምርጥ ዘር አሳልፎ መሸጥን የሚከለክል ነው፤ ይህን የሚያደርግ ቢባረር ማንም አያዝንለትም። የአዲሱ አሥራ አንድ ግን የድሮው አሥራ ሁለት ነው፦ ከመቶ አምስት በላይ የተበላሸ ድንች ከተገኘ ገበሬው በአሥር ቀን ውስጥ ለቅሞ ይተካል የሚለው። እንግዲህ ትናንት ለቅሞ የሚተካ ገበሬ፣ ነገ በአንድ ጭነት ምክንያት ይባረራል ማለት ነው። ልዩነት ብቻ የሚፈልግ ሰው ይህን አያገኘውም፤ ሳይለወጥ የቀረውንም ማየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ለገበሬው የሚጠቅም ሆኖ ተገኘ፤ ድርጅቱ ድንቹን ለመረከብ አስቀድሞ የሚያስታውቅበት ጊዜ ከአሥር ቀን ወደ አሥራ አምስት አድጓል። እሱንም ጻፈችው። የሚጣፍጠውን ደብቆ የሚመረውን ብቻ የሚያወጣ ሰው ከእስጢፋኖስ በምን ይሻላል?

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ የጨረሰች መስሏት ኮፒውን ስታጥፍ፣ አራተኛው ገጽ ግራ ጠርዝ ላይ ዓይኗ ቆመ። ጥቁር የሆነ የማኅተም ግማሽ አለ። ከጎኑ ደግሞ የእጅ ጽሑፍ ጫፍ፣ ከሰባት የማይበልጡ የፊደል እግሮች። የቀረው ከወረቀቱ ውጪ ነው። ማኅተም የሚመታው ፊርማ ባለበት ነው፤ ፊርማ ደግሞ ከመጨረሻው ገጽ ላይ ነው። መሃል ገጽ ላይ ማኅተም ካለ፣ አንድ ሰው በእስክሪብቶ የጨመረው ነገር አለ፤ ሁለቱም ወገን አጠገቡ ፈርመዋል ማለት ነው።

ኅዳጉን የቆረጠችው እሷ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ወረቀቱን ማሽኑ ላይ አጣማ አስቀምጣ፣ ሳታይ አንሥታ፣ ፋይል ውስጥ ከትታ ሄደች። ፊቷ ጋለ።

ለእስጢፋኖስ ደወለች። «አራተኛው ገጽ ኅዳግ ላይ ምንድን ነው የተጻፈው?»

«ምንም። ማኅተሙ አምልጦ ነው።»

«ዋናውን አሳየኝ።»

«ዋናው አዲስ አበባ ነው፣ ዋና መሥሪያ ቤት። እሱን እስክናመጣ የዘር ጊዜ ያልፋል።» አለና ቀጠለ፦ «ኮሶዬ ሄደሽ ጠይቂ እንግዲህ። ሊቀ መንበሩ በጣም እንደሚወድሽ ሰምቻለሁ።»

ስልኩን እየሳቀ ዘጋው።

መሳቁም አይፈረድበትም። የኮሶዬ ማኅበር ሊቀ መንበር ላቀው ተሰማ ነው። ሚስጥር ዩኒየኑ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ለድኾች በነጻ ጥብቅና ትቆም ነበር፤ ያን ጊዜ የላቀው እኅት አየለች ከአባቷ መሬት ድርሻዬን ወንድሜ ከለከለኝ ብላ መጣች። ሚስጥር ተከራክራ ረታችላት። ሦስት ጥማድ መሬት ከላቀው እጅ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው በዩኒየኑ ስብሰባ ሁሉ እሷ ስትናገር ተነሥቶ ይወጣል።

በየጊዜው የሚዘጋው መንገድ ክፍት ነው በተባለበት ቀን መገኘቷ ዕድል ነው። ሚኒባስ ይዛ ሽቅብ ወጣች። በሬ ካራጁ ይውላል የሚባለው ይህ ነው እያለች ኮሶዬ ወረደች፤ ብርዱ ከመኪናው በር ላይ ነው የተቀበላት። የማኅበሩ ቢሮ ከመጋዘኑ ጋር የተያያዘች አንዲት ክፍል ናት። ላቀው ጋቢውን ተከናንቦ አንድ የብረት ሳጥን አጠገብ ተቀምጧል።

«ምነው?» አለ፣ ሳይነሣ። «ደግሞ የማንን መሬት ልትቆርሺ መጣሽ?»

«አያ ላቀው፣ ስለ ድሮው ውል ነው የመጣሁት። አራተኛው ገጽ ላይ በእጅ የተጻፈ አለ?»

«ቢኖርስ ምን አገባሽ?»

«በአዲሱ ውስጥ የለም።»

ጢሙን ያዘ። ውሉን የማያውቅ ሰው አይደለም፤ በእጅ የተጻፈውን ያስጻፈው እሱ ነው፣ ያኔ ሲፈረም አንድ ሰዓት ሙሉ ተሟግቶ። «ሌቦች!» አለ በመጨረሻ። ከዚያ እሷን አየና «አንቺም ያው ነሽ፤ የወረቀት ሌባ» አለ።

«ዋናውን ይስጡኝና ላመሳክረው።»

«በእጅሽማ አላስነካሽም። አንድ ጊዜ ወረቀት ሰጥቼሽ መሬቴን ይዘሽ ሄድሽ።»

«ሳልይዘው እንዴት ላመሳክር?»

«እኔ አነባለሁ፤ አንቺ የነሱን ይዘሽ ስሚ። ዳዊት የደገምኩ ሰው ነኝ፣ ወረቀት የሚያቅተኝ መሰለሽ?»

ሚስጥር ተናደደች፤ ግን ሰውየው ሳያውቀው ትክክለኛውን መንገድ ነው የመረጠው። ሁለት ጽሑፍ በአንድ ዓይን ሲመሳከር ዓይን የለመደውን ይሞላል። አንዱ ጮኾ ሲያነብ ሌላው ሲከተል ግን የጎደለው ራሱ ይጮኻል። ማናበብ ይሉታል፤ እነ ላቀው መጽሐፍ ሲገለበጥ ያዩት ከደብር ነው። ሳጥኑን ከፈተ፣ ውሉን አወጣ፣ ጀርባውን ወደ እሷ አድርጎ ከመስኮቱ ብርሃን ሥር ቆመ።

አነበበ። እንዴት ያለ ንባብ ነው! ፊርማውን «ፊርማ» ይላል፣ ማኅተሙን «ማኅተም፣ ክብ፣ ሐምራዊ» ይላል፣ የተሰረዘውን «ስርዝ» ይላል። አንዲት ቃል አይዘልም። እሷ ስታቆመው ይቆማል፣ «ቀጥል» ስትለው በአንቱታ ስላልጠራችው ፊቱን አዙሮ ያፈጥጥባታል፤ «ይቀጥሉ» ብላ ታርማለች። ርክክቡን ሲሰማ ተሳደበ። አሥራ አንደኛውን ስታስረዳው ሁለት ጊዜ ተሳደበ። አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ድምፁ ከፍ አለ።

«በኅዳጉ፣ በእጅ ጽሑፍ፦ ናሙና የሚወሰደው ከማኅበሩ አባላት ሁለት ሰዎች ቆመው ባሉበት ብቻ ነው። ፊርማ። ፊርማ። ማኅተም፣ ክብ፣ ሐምራዊ። አለ?»

«የለም» አለች ሚስጥር፣ እየጻፈች።

«ያለ እኛ ቆፍረው የበሰበሰውን እየመረጡ ሊያሳዩን! ይህን ሸጋ አድርገሽ ጻፊው።»

ሰውየውን ለአፍታ ልትወደው ምንም አልቀራትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ወረቀት ሳያጥፍ፣ ሳያበላሽ፣ ሳይጥል ያቆየ እሱ ብቻ ነው። እሷ ኅዳጉን ስትቆርጥ እሱ ቆልፎ አኑሮታል። ይህን ብትነግረው ደስ ባላት ነበር፤ ግን አፏ አልታዘዘላትም።

«እንግዲህ ይኸው ነው» አለና ውሉን ማጠፍ ጀመረ።

«አባሪው ቀረ።»

«አባሪው የስም ዝርዝር ነው።»

«የውሉ አካል ነው። ይናበባል።»

«የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ስም ልታስጠሪኝ? እነሱ በፊደል ተራ ደረደሩት እንጂ ሌላ ምን አደረጉት!»

«ትርጓሜውንም በፊደል ተራ ደረደርን ነው ያሉት፣ አያ ላቀው።»

ሰንጠረዡ ላይ የመጨረሻው፣ ሁለት መቶ አሥራ አራተኛው ልዩነት ይኸው ነው፦ የአባላት ስም በፊደል ተራ ተደረደረ። ስሙ በዚህ አባሪ ውስጥ የሌለ ገበሬ ምርጥ ዘር አይሰጠውም፤ ድንቹንም መጋዘኑ አይረከበውም። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለት አንድ ቢጎድል በዓይን ብቻ የሚያገኘው ማን ነው?

ላቀው ያጠፈውን ወረቀት መልሶ ዘረጋ። ከዚያ ማንበብ ጀመረ፤ ግን ንባቡ ተለወጠ። ይፈጥናል፣ ያንጎራጉራል። እሷ በእርሳስ አንድ በአንድ ምልክት ታደርጋለች። ከሰማንያ ሲያልፍ ይበልጥ ፈጠነ። ሰማንያ አምስት። ሰማንያ ስድስት። ሰማንያ ስምንት።

«ሰማንያ ሰባት» አለች።

«አነበብኩት።»

«አላነበቡትም። ሰማንያ ሰባት ማን ነው?»

ላቀው ወረቀቱን ወደ ደረቱ አስጠጋ። ሚስጥር አዲሱን ዝርዝር ከላይ ጀምራ በጣቷ ወረደች፤ «አ» ላይ ስትደርስ ቆመች። አስናቀ አለ፣ አበበ አለ፣ አዳነች አለች። ከዚያ ማንን እንደምትፈልግ ገባት።

«አየለች ተሰማ» አለች። «እዚህ የለችም። እዚያ አለች። ድርጅቱ አየለችን ከየት ያውቃታል? ዝርዝሩን የላኩላቸው አንቱ ነዎት።»

«መሬቱ የኔ ነው!» ዞረባት፤ ወረቀቱን እንደያዘ። «አባቴ ያረሰው መሬት ነው! አንቺ በወረቀት ወሰድሽው፤ እኔም በወረቀት ዘር ነሥቼ ልመልሰው ነው። በምን ተለያየን?»

«እኔ በፍርድ ቤት ፊት ነው። አንቱ በፊደል ተራ ውስጥ ደብቀው ነው።»

«ስሚኝ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አራቱን ጻፊ። አምስተኛውን ተዪው። ብትጽፊው ይህ ወረቀት ከዚህ ሳጥን አይወጣም። ያኔ በእጅ የተጻፈውን በምን ታስረጃለሽ? ለአንዲት ሴት ብለሽ ሦስት መቶ ሰው ልታስቀጪ ነው?»

ዛቻው ባዶ አልነበረም። ፎቶ ኮፒው ርክክቡንና አሥራ አንደኛውን ያስረዳል፤ ኅዳጉን ግን አያስረዳም። እሷ ራሷ ቆርጣዋለች። ሚስጥር እሱ እያያት ጻፈችው፦ «አምስተኛ፣ አባሪ ሁለት፣ ተራ ቁጥር ፹፯፣ አየለች ተሰማ፤ ከአዲሱ ዝርዝር ወጥታለች።»

ላቀው ውሉን ሳጥኑ ውስጥ ወርውሮ ቆለፈ። «ውጪ» አለ። «ከዚህ ወዲያ ሰላምታሽንም አልሻም።»

በማግሥቱ አራት ሰዓት ላይ አዘዞ በፋብሪካው አዳራሽ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል። በአንድ ወገን እስጢፋኖስ ከድርጅቱ ሰዎች ጋር፤ በሌላው የኮሶዬ ማኅበር ቦርድ። ላቀው መሃል ላይ ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ ተቀምጧል። ከጎኑ የቦርዱ አንጋፋ አያ ውዱ አለ። ጌትነት ሚስጥርን ከበሩ ላይ ያዛት።

«ሦስት መስመር ነው ያልኩሽ!»

«አምስት ሆነ» አለችውና አልፋው ገባች።

ቆማ አነበበች። ርክክቡን አነበበች፣ እስጢፋኖስ «የጽሕፈት ስሕተት» አለ። አሥራ አንደኛውን አነበበች፣ አሁንም «የጽሕፈት ስሕተት» አለ፤ ጸሐፊዋ ምን ያህል ዕድለ ቢስ ብትሆን ነው ስሕተቷ ሁሉ ለአንድ ወገን የሚያደላው! የማስታወቂያውን ጊዜ ስታነብ ራሱን ነቀነቀ። አራተኛው ላይ ግን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«በእጅ የተጻፈ ነገር የለም። የዩኒየኑ ኮፒ ላይ የሚነበብ አንድ ቃል አለ? አሳዪኝ።»

«ዋናው ላይ አለ።»

«እኮ የታለ?»

ሚስጥር ወደ ላቀው አየች። ላቀው ጠረጴዛውን ያያል።

«ላቀው፣ አውጣው እንጂ» አለ አያ ውዱ። «ይዘኸው ወጥተህ የለም ወይ? ሳጥኑን ስትከፍት አይቼሃለሁ።»

ላቀው አልተንቀሳቀሰም።

«ምነው? እኔና አንተ አይደለንም ወይ ያስጻፍነው? ናሙና ሲወሰድ የምቆመው እኔ አይደለሁም ወይ?» የውዱ ድምፅ ጠነከረ። «ወይስ እነዚህ ሰዎች ምን ሰጥተውሃል?»

ይህንን ላቀው አልቻለም። መሬት ቀማህ ቢሉት ይችላል፤ ለከተማ ሰው ተሸጥህ መባልን ግን ከአባቱ አልወረሰውም። ላቀው ወደ ሚስጥር ቀና አለ። የምታነበው ወረቀት ላይ አምስተኛው መስመር አሁንም አለ ወይ ብሎ ነው የሚያየው። ወረቀቷን ወደ እሱ አዞረችለት። አለ። ያን ጊዜ ልታጥፈው ትችል ነበር፤ አራቱን አሸንፋ ወደ ቤቷ መሄድ፣ ለአየለችም ሌላ ጊዜ መድረስ። ሌላ ጊዜ የሚባለው ግን አንድ ክረምት ነው፤ ያለ ዘር የሚያልፍ ክረምት። አላጠፈችውም።

ላቀው ጋቢውን ገለጠና ውሉን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

እስጢፋኖስ አራተኛውን ገጽ ገልጦ አየ፤ ፊቱ ተለወጠ። የድርጅቱ ፊርማ የራሱ ነበር። ነገር ግን ጠበቃ ነውና የሚመታበትን ዱላ ፈልጎ ወደ አባሪው ገለበጠ። «አምስተኛው ምንድን ነው?» አለ።

«አባሪ ሁለት፣ ሰማንያ ሰባት» አለች ሚስጥር። «ወጥታለች።»

«ይህንንስ በኛ አትለጥፉብን!» ከቦርሳው አንድ ደብዳቤ አውጥቶ ለሁሉም አሳየ። «ዝርዝሩ የመጣው ከማኅበሩ ነው። የሊቀ መንበሩ ፊርማ ይኸው። ሌባ ሌባ ስትሉን ነበር፤ እስቲ ይነበብ!» ውሉንም ወደ ላቀው መለሰው።

«ትናንት ያነበቡት አንቱ ስለሆኑ አንቱው ያንብቡልን» አለች ሚስጥር። ድምፅዋ ውስጥ ርኅራኄ አልነበረም፤ ሊኖርም አልፈለገችም።

ላቀው ውሉን ያዘ። በኮሶዬ እንደዚያ የጮኸው ድምፅ ከጉሮሮው ተጎትቶ ወጣ። «ሰማንያ ሰባት። አየለች ተሰማ።»

አያ ውዱ ወደ እሱ ዞረ። «የማን ልጅ? የናንተ አየለች? እኅትህ አይደለችም ወይ?»

«ነበረች» አለ ላቀው።

አያ ውዱ ወንበሩን አንሥቶ ከአጠገቡ ራቅ አድርጎ ተቀመጠ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ራቁ። ጌትነት ውሉ ዛሬ እንደማይፈረም፣ አምስቱም እንደ ድሮው ተመልሰው ዳግመኛ እንዲጻፉ ተናገረ፤ ስለ ማስታወቂያው ጊዜ ግን እስጢፋኖስ ራሱ «እሱስ እንዳለ ይሁንላችሁ» ብሎ ተወላቸው። ሚስጥር ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ አላላትም። ሦስት መቶ ገበሬ ያዳነው ወረቀት የዚህ ክፉ ሰው ነው።

ውጪ፣ ከፋብሪካው አጥር ሥር፣ ላቀው ብቻውን ሚኒባስ ይጠብቃል። ስታልፍ ሳያያት ተናገራት።

«ሁለት ጊዜ ቀማሽኝ። አንድ ጊዜ መሬቴን፣ ዛሬ ደግሞ ሰዎቼን።»

ሚስጥር ቆመች። ልትሰድበው አሰበች፣ ልታመሰግነውም አሰበች።

«እኔ የጻፍኩት አንቱ የዘለሉትን ብቻ ነው» አለችው፤ ከዚያ እሷም ሚኒባሱን ለመያዝ ከእሱ ራቅ ብላ ቆመች።